ሱቁ የተወለደው መቼ ነው?

በ2017 ዓ.ም. ለፋሲካ 12 ቀን ሲቀረው፣ ከእኛ ፎቅ በታች የሚኖሩት እናት ደወሉልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ሁዳዴን በሙሉ እንጀራ የበሉት ከሱቅ እየገዙ ነበር።

«ልጄ፣ ፌስቡክ ላይ አንድ ምጣድ አግኝቻለሁ። ባለ 16 ኢንች ነው፤ 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ልግዛው?»

እንዲህ ያለው ምጣድ እኛ በምናውቃቸው ሱቆች የዚህን ሦስትና አራት እጥፍ ያወጣል። «ሳይከፍሉ ይጠብቁኝ፤ መጣሁ» አልኳቸውና ወረድኩ። ስልካቸውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቡና እስኪፈላ ድረስ ሱቁን አብረን መረመርነው። ያን ዕለት ያየነውን በዝርዝር የምጽፈው፣ ዘዴው ከምጣዱ አልፎ ለማንኛውም የኦንላይን ግዢ ስለሚሆን ነው።

ገጹ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ «ከ2011 ጀምሮ ቤተሰቦችን እያገለገልን» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከታች የካርድ ድርጅቶች አርማ ተደርድሯል። እሳቸውም «ቁልፏም አለች፤ ልጄ ቁልፍ ካለች አትፍሪ ብሎኛል» አሉኝ። በዚህ ነገር የሚሳሳተው ብዙ ሰው ነው። በአድራሻው አጠገብ የምትታየው ቁልፍ የምትናገረው፣ በእርስዎ ስልክና በዚያ ድረ ገጽ መካከል የሚያልፈውን መረጃ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንደማያነበው ብቻ ነው። ከዚያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሌባ ይሁን ነጋዴ አታውቅም። ምስክር ወረቀቱን ማንም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በነፃ ያገኘዋል። ጉግል ክሮምም ሰዎችን እያሳሳተች ስላስቸገረች በ2023 እ.ኤ.አ. ቁልፏን ከአድራሻው ጎን አንስቷታል።

ስለዚህ ከገጹ ውበት ወጥተን፣ ባለቤቱ እንደፈለገ ሊጽፈው የማይችለውን ነገር ፈለግን። የመጀመሪያው የዶሜይኑ ዕድሜ ነው።

ዶሜይን ማለት የድረ ገጹ የተመዘገበ ስም ነው። ማንም ድረ ገጽ መክፈት የፈለገ ሰው ስሙን ከመዝጋቢ ድርጅት ይገዛል፤ የተገዛበት ቀን በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህ ቀን የሚቀመጠው በስም መዝገቡ እንጂ በሱቁ ገጽ ላይ ስላልሆነ ባለሱቁ ሊፍቀው አይችልም። መዝገቡን ለማየት ግን መጀመሪያ ትክክለኛውን ስም ከአድራሻው ነጥሎ ማውጣት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ አድራሻው እንዲህ ቢሆን፦

```
https://bigstore.com.mitad-sale.example/cart
```

ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው `bigstore.com` ላይ ነው፤ ከአንድ ትልቅ መደብር ጋር የሚገናኝ ይመስላል። ነገር ግን ከ`https://` በኋላ የመጀመሪያዋን እዝባር ፈልገው፣ ከእሷ ወደ ግራ ይቁጠሩ። የተመዘገበው ስም ከእዝባሯ አጠገብ ያለው ቁራጭ ነው፤ እዚህ ምሳሌ ላይ `mitad-sale.example`። ከእሱ በስተግራ ያለውን ሁሉ የስሙ ባለቤት እንደፈቀደ ይጨምረዋል።

የጎረቤቴን ሱቅ ስም ነጥለን `lookup.icann.org` ላይ ጻፍነው። ይህ የዓለም አቀፉ የዶሜይን ስሞች አስተዳዳሪ፣ የአይካን፣ ነፃ መፈለጊያ ነው። የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው፤ በዚህ አይደንግጡ፤ ከ2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ወዲህ የሐቀኞቹም ስም እንደዚሁ ይሸፈናል። ወደ ታች ወርደን የደረስንበት ክፍል ይህን ይል ነበር፦

```
Registry Expiration: 2026-03-02
Updated: 2025-03-02
Created: 2025-03-02
```

የምንፈልገው `Created` የሚለውን ነው። መዝገቡ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ልብ ብሎ ማንበብ ይገባል። እሳቸው መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ መጋቢት 2 ማለት በእኛ የካቲት 23 ነው ስላቸው «የዓድዋ ዕለት!» አሉ። አዎ፣ ሱቁ የተወለደው በዚያው ዓመት የዓድዋ በዓል ዕለት ነው። እኛ ጠረጴዛው ዙሪያ ስንቀመጥ ገና 37 ቀኑ ነበር።

የ37 ቀን ዕድሜ ብቻውን ወንጀል አይደለም። በቅን የተከፈተ አዲስ ሱቅም አንድ ቀን 37 ቀን ይሞላዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ከራሱ ቃል ጋር አለመግጠሙ ነው። በ2011 ሥራ ጀመርኩ የሚል ሱቅ ስሙን ያስመዘገበው በ2025 ነው። ሰው ስለ ዕድሜው ለምን ይዋሻል? አንዳንድ ጊዜ ንግዱ የቆየ ሆኖ ድረ ገጹ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግን የቀድሞ አድራሻው፣ ስልኩ፣ የሚያውቀው ደንበኛ ይኖራል። ይህኛው አንዱም አልነበረውም።

ወደ ሌላኛው ወገን ደግሞ፣ የቆየ ስም ንጽሕናን አያረጋግጥም። አጭበርባሪዎች ባለቤቶቹ የተዉአቸውን አሮጌ ስሞች ይገዛሉ። ስሙ ሳይሰረዝ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ የመጀመሪያው የምዝገባ ቀን እንዳለ ይቆያል፤ የ15 ዓመት ሱቅ ይመስላል። ይህን ለመለየት ስሙን `web.archive.org` ላይ ማስገባት ነው። ይህ ቤተ መዛግብት የድረ ገጾችን የቀድሞ ገጽታ እየቀዳ ያስቀምጣል። ከሦስት ዓመት በፊት የጥርስ ሐኪም ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ገጽ የነበረ ስም ዛሬ ጫማ የሚሸጥ ከሆነ፣ ዕድሜው የሱቁ አይደለም። አውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ፣ አንዳንድ የአገር መጨረሻዎች፣ እንደ ጀርመኑ `.de` ያሉት፣ የምዝገባውን ቀን ለሕዝብ አያሳዩም። እዚያ ላይ የሚረዳችሁ ይኸው ቤተ መዛግብት ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ የተነሳበትን ቀን ተመልከቱ።

ቡናው ሊፈላ ሲል ወደ ገዢዎች አስተያየት ገባን። ገጹ ላይ ባለ አምስት ኮከብ ምስጋና ሞልቷል። እኔ ግን ምስጋናውን ትቼ ቀኑን ማንበብ ጀመርኩ። አንዷ ገዢ በጥር 2023 «ሁለተኛዬን አዘዝኩ» ብላለች። ሱቁ በዚያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመት ሳይወለድ ነው! ትንሽ ወረድ ስንል ሌላ ሰው «በጣም ለስላሳ ነው፤ አልጋዬ ላይ በትክክል ገጠመ» ይላል። ስለ ምጣድ ነው እንግዲህ። ከአንሶላ መሸጫ የተቀዳ አስተያየት ሳያነቡት ለጥፈውታል። እናታችን ይህን ሳነብላቸው ስልኩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ደግመው አነበቡት።

በሱቁ በራሱ ገጽ ላይ የሚለጠፍ አስተያየት በባለሱቁ እጅ ነው፤ የወደደውን ያስቀራል፤ የጠላውን ያጠፋል። ስለዚህ ሱቁ ከማይቆጣጠረው ቦታ፣ እንደ ትረስትፓይለት ካሉ የአስተያየት መድረኮች፣ መፈለግ ይሻላል። እዚያም ቢሆን አማካይ ኮከቡን አላምነውም፤ በገንዘብ የሚጻፍ ምስጋና ሞልቷል፤ የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ ያዋለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ባለ አንድ ኮከቦቹን ብቻ አወጣለሁ፤ በቀን ቅደም ተከተል አደርጋቸዋለሁ፤ የቅርቦቹን አስሩን ሳልዘል አነባለሁ። «ቀለሙ ፎቶው ላይ ካለው ይለያል» የሚል ቅሬታ እውነተኛ ሱቅ ላይም ይኖራል። «ትራኪንጉ ደርሷል ይላል፤ እኔ ጋ ግን ምንም የለም»፣ «ጫማ አዝዤ የፀሐይ መነጽር መጣልኝ»፣ «ለኢሜይሌ የሚመልስ የለም» የሚሉ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ካገኘሁ ግን እዚያው አቆማለሁ።

የጎረቤቴ ሱቅ ላይ ከውጭ ምንም ቅሬታ አላገኘንም። «ይኸው፣ ማንም ክፉ አልተናገረውም» አሉ። የዚህ ማጭበርበር ዋናው ብልሃት ያለው እዚህ ነው። ሱቁ ዕቃው የሚደርሰው ከ15 እስከ 25 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት የከፈለ ሰው አንድ ወር ሙሉ በትዕግሥት ይጠብቃል። ከዚያ ኢሜይል ይጽፋል፤ «ጉምሩክ ዘገየብን» ይሉታል፤ ሌላ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። ክፉ አስተያየት የሚጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የ37 ቀን ሱቅ ላይ ቅሬታ አለመኖሩ፣ ቅሬታው የሚጻፍበት ጊዜ አለመድረሱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቅሬታው ሲበዛ ደግሞ ገጹ ይዘጋል፤ ያው ዕቃ በሌላ ስም ይከፈታል።

«ማን ጠቆመዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የእቁባቸው አባል ናት። ገዝታለች። «ደርሷታል?» «ገና ነው፤ መንገድ ላይ ነው ብለዋታል።» በእኛ ማኅበረሰብ ወሬው የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰው ዕቃው በእጁ ሳይገባ፣ በርካሽ ማግኘቱ አስደስቶት ለወዳጅ ዘመዱ ሊንኩን ይልካል። እኛም የምናውቀው ሰው ስለላከው እናምነዋለን። የላከልን ሰው ዕቃውን ነክቶት እንደሆነ መጠየቅ ከማንኛውም ኮከብ ይበልጣል።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። ከሦስቱ ምርመራዎች እኔ አብዝቼ የምታመነው በዚህኛው ነው። አሮጌ ስም ይገዛል፤ ምስጋናም ይገዛል። ገዢው ገንዘቡን መልሶ ሊጠይቅበት የሚችል የክፍያ መንገድ ግን አጭበርባሪ ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት አይችልም። የካርድ ክፍያ የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ክርክር የበዛበትን ነጋዴ ሒሳብ ይዘጉበታል። ስለዚህ ሱቁ እየቆየ ሲሄድ የክፍያ አማራጩ ይጠባል።

ገጹ ግርጌ ላይ የተደረደሩት የካርድ አርማዎች ሥዕል ናቸው፤ ማንም ይለጥፋቸዋል። እውነቱ የሚታየው መክፈያው ገጽ ላይ ነው። የካርድ ቁጥር ሳናስገባ ምጣዱን ቅርጫት ውስጥ ከተን እስከ መጨረሻው ገጽ ሄድን። እዚያ ካርድ የሚለው አማራጭ ደብዝዟል፤ ከጎኑ «ለጊዜው አይሠራም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በዜል ሲከፍሉ 10 በመቶ ቅናሽ» የሚል አለ፤ ገንዘቡን ላኩበት የተባለው የአንድ ግለሰብ ስም ያለበት ተራ የጂሜይል አድራሻ ነው። እኔ ገጹን የዘጋሁት እዚህ ላይ ነው።

ልዩነቱን በገንዘብ ቋንቋ ላስረዳ። በአሜሪካ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ከ1974 ጀምሮ ሕግ አለለት። የታዘዘው ዕቃ በስምምነቱ መሠረት ካልደረሰ፣ ሒሳቡ የታየበት የመጀመሪያ ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ መከራከር ይቻላል። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ደብዳቤው መድረሱን ማሳወቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥም ጉዳዩን መቋጨት አለበት። በደቢት ካርድ ሲሆን ገንዘቡ ወዲያው ከራስዎ ሒሳብ ይወጣል፤ ባንኩ በካርድ ድርጅቱ ደንብ ሊረዳዎት ይችላል፤ መብትዎ ግን እንደ ክሬዲት ካርዱ የጠነከረ አይደለም። ፔይፓል ለዕቃ ግዢ በሚከፈለው መንገድ ከሆነ እስከ 180 ቀን ድረስ ክርክር ይቀበላል፤ ሻጩ «ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላከው በኩል ላኪልኝ» ካለ ግን ያ ጥበቃ የለም። ዜል ለሚያውቁት ሰው ገንዘብ መላኪያ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ ራስዎ ፈቅደው የላኩትን ባንኩ በአብዛኛው አይመልስም። የስጦታ ካርድ ቁጥርና ክሪፕቶ የሚጠይቅ ሱቅ ላይ ጊዜ ማጥፋትም አያስፈልግም።

ክሬዲት ካርድም የማያድንበት ነገር አለ። የካርድዎን ቁጥር ለሌባ ከሰጡት፣ የምጣዱን ዋጋ ቢያስመልሱም ቁጥሩ በእጁ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ቁጥሩን ያስገባ ሰው፣ «ካርዱ አልሠራም» ቢባል እንኳ፣ ባንኩ ካርዱን ቀይሮ አዲስ ቁጥር እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር አሳሰበኝ። አንዲት እህታችን ባለፈው ወር የበርበሬና የሽሮ ሱቅ በኦንላይን ከፍታ ቢሆንስ? ዶሜይኗ አዲስ ነው፤ አስተያየት የላትም። በዕድሜ ብቻ ብንፈርድባት በደል ይሆናል። ለእሷ ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፤ ዕድሜዋን አትዋሽም፤ ስልክ ሲደወል ታነሣለች፤ ካርድ ትቀበላለች። በትንሹ አዝዞ በክሬዲት ካርድ መክፈል ይቻላል፤ ብትዘገይም ገዢው የሚጎዳበት ነገር የለም።

አገር ቤት ላሉት ነገሩ ትንሽ ይለያል። አዲስ አበባ ላይ ብዙው ሱቅ ቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ነው፤ የሚመረመር ዶሜይን የለውም። ጥያቄው ግን ያው ነው። የቴሌግራም ቻናልን እስከ መጀመሪያው መልእክት ወደ ላይ ይውጡ፤ የተከፈተበት ቀንና ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ እዚያ ይታያል፤ ባለቤቱ ካላጠፋው። የሙዚቃ ቻናል የነበረ ዛሬ ስልክ ሲሸጥ ካገኙት፣ 40 ሺህ ተከታዩ የዘፈን ወዳጅ እንጂ የሱቁ ደንበኛ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ደግሞ `Page transparency` የሚለው ክፍል ገጹ የተከፈተበትን ቀን፣ የቀድሞ ስሞቹንና የሚያስተዳድሩት ሰዎች የሚገኙበትን አገር ያሳያል። ክፍያው ላይ ግን ጥንቃቄው ይበረታል። ለማይታወቅ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ የተላለፈ ገንዘብ እንደ ክሬዲት ካርድ ክርክር የሚነሣበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ዕቃው ሲደርስ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ከታየ በኋላ መክፈል ነው። «ቅድሚያ ግማሹን ላክ» የሚልን ሻጭ «ሱቅህ የት ነው? ልምጣ» ማለት ነውር የለውም።

የእቁባቸው አባል ነገር እንዴት ሆነ? ምጣዱን ያዘዘችው መጋቢት 5 ነበር፤ ያን ጊዜ ካርዱ ገና ይሠራ ስለነበር በክሬዲት ካርድ ከፍላለች። ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀር ትራኪንጉ «ደርሷል» አላት፤ በሯ ላይ ግን ምንም አልነበረም። የተለመደ ዘዴ ነው፦ እሷ ወዳለችበት ከተማ፣ ለሌላ አድራሻ፣ ቀላል ፖስታ ይልካሉ፤ ትራኪንጉ ከተማውን ብቻ ስለሚያሳይ ለባንኩ «ይኸው ደረሳት» ብለው ያቀርቡታል። ፖስታ ቤት ሄዳ ቁጥሩን አሳየቻቸው። ዕቃው ለእሷ አድራሻ እንዳልነበረና ከጥቂት አውንስ እንደማይበልጥ ነገሯት። ምጣድ በጥቂት አውንስ አይመዘንም።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው። ያዘዘችበትን ደረሰኝ፣ የገጹን ፎቶ፣ ፖስታ ቤቱ የነገራትን፣ «ከ2011 ጀምሮ» የሚለውን ጽሑፍና ከጎኑ `Created: 2025-03-02` የሚለውን የመዝገብ ገጽ አያይዘን ላክን። ባንኩ 49 ዶላር ከ99 ሳንቲሙን በግንቦት በጊዜያዊነት መለሰላት፤ በሰኔ ጸና። የሱቁን አድራሻ ያን ጊዜ ብንከፍተው ገጹ አልነበረም። ጎረቤቴ ምጣዳቸውን ከአንድ ሐበሻ ሱቅ፣ ሶኬት ላይ ሰክተው መጋሉን በእጃቸው ዳስሰው ካዩ በኋላ ገዙ።